የእቁቡ ብር በየትኛው ይሞከር?

"እቁብ ወጣልኝ፣ ምን ብሠራበት ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በዚህ ዓምድ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ዘንድሮ ጥያቄው የእኔው ቤት ገባ። እንደ ልማዴም ለአንድ ታላቄ ጻፍኩላቸው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች የብድር ሠራተኛ ሆነው የኖሩ ናቸው። ከቡሬ እስከ ሽንዲ ስንት ሰው "ይኼን ብነግድ አተርፋለሁ" እያለ እፊታቸው ተቀምጧል። ዛሬ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ይኖራሉ። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አላቸው፤ "ሐሳብሽን ስታመጪ ትርፉን አትንገሪኝ፣ በየት በኩል እንደሚሞት ንገሪኝ" ይላሉ። የላክሁላቸውን መልእክት፣ የቤት የቤቱን ትቼ፣ እነሆ።

ጋሼ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ክረምቱ እንዴት አለፈ? እኛ ዘንድ ፍኖተ ሰላም ደህና ነው። ከተማውን ወጣ ሲሉ በቆሎው እሸቱን ጨርሶ ቅጠሉ መገርጣት ጀምሯል። አባባ ቡሬ አጠገብ ያለው ማሳ ላይ በርበሬውም ደህና ይዟል፤ ገና አረንጓዴ ነው።

የጻፍኩልዎ በእቁቡ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ሆነን በወር 5,000 ብር ስንጥል ነበር። ዕጣው በአምስተኛው ወር፣ በነሐሴ፣ ለእኔ ወጣ። 60,000 ብር ቆጥሬ ተቀበልሁ። ባለቤቴ "በርከት ያለ ነው" አለ። እኔ ግን እርስዎ ባስተማሩኝ መሠረት ሁለት ቦታ ከፈልሁት። እስካሁን የጣልሁት 25,000 ነው፤ እሱ የእኔ ነው። ቀሪው 35,000 የሰው ነው፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት በየወሩ 5,000 እየከፈልሁ እመልሰዋለሁ። የምከፍለውም ከባለቤቴ የመምህርነት ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ የቤት ኪራይና የሁለት ልጆች ወጪ አለበት። ስለዚህ እቁቡ ብድር ነው ብዬ ነው የያዝሁት፤ ወለድ የሌለው ግን የቀን ገደብ ያለው ብድር። ለሙከራ የማወጣው ከ25,000ው ብቻ ነው፣ እሱንም ሁሉንም አይደለም። ይህንን አስቀድሜ የጻፍሁት፣ ከዚህ በታች ከማነሳቸው ሦስት ሐሳቦች አንዱን የሚያስጥለው ትርፉ ሳይሆን የብሩ መመለሻ ቀን ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ዶሮ። ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ዶሮ ስለሆነ ከእሱ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ሁለት መቶ ቄብ ገዝቶ እንቁላል መሸጥ ነው ሐሳቡ። የእንቁላል ዝርያ የሆነች ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ሁለት መቶዋ በቀን 23 ኪሎ ያህል፣ በወር 7 ኩንታል ማለት ነው። እንቁላል መጣል የምትጀምረው በአምስተኛው ወሯ ገደማ ነው። እስከዚያ ከኪስ ነው የምትበላው። ፈንግል ከገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል፤ ክትባቱን በየጊዜው ያልሰጠ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ማንም ሲያሰላው ያላየሁት ሁዳዴን ነው።

በእኛ አገር ጾም እንዴት እንደሚጠበቅ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሰው ይጾማል፣ ዶሮዋ ግን አትጾምም፤ መብላቷንም መጣሏንም አታቆምም። ሁለት መቶ ዶሮ በደህና ጊዜዋ በቀን 170 እንቁላል ብትጥል በ55 ቀን ውስጥ ከ9,300 በላይ እንቁላል ይጠራቀማል። ቀዝቃዛ ማቆያ በሌለበት ቤት እንቁላል የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ወደ ትልቅ ከተማ እንጫን እንዳንል መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። መንገድ ሲዘጋ የደረቀ እህል ይጠብቃል፣ እንቁላል አይጠብቅም። ሌላም ነገር አለ። የዶሮ ሥራ በትንሹ ተሞክሮ እውነቱን ቶሎ አይናገርም። ሃምሳ ዶሮ ይዤ ብጀምር እንኳ፣ አንድ ሁዳዴ ሳላሳልፍ አትራፊ መሆኔን ማወቅ አልችልም፤ ይህ ማለት ብዙ ወር ነው። የእቁቡ ቀን ደግሞ መጋቢት ላይ ያልቃል። ስለዚህ ዶሮውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ "ለምን ተውሽው?" ካሉኝ ግን እሰማለሁ።

ሁለተኛው በርበሬ ነው፤ ልቤ ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይሄዳል። ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ናቸው፤ ዛላው እደጃችን ነው የሚሰጣው። የመጀመሪያ ሐሳቤ ፈጭቼ፣ ቅመም አስገብቼ፣ በፕላስቲክ አሽጌ ልሽጥ የሚል ነበር። ቀስ እያልሁ ሳስበው ግን የተፈጨ በርበሬ በዚህ ጊዜ ማንም አያምንም። ሸክላ ተፈጭቶ ተቀላቀለበት ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን! የከተማ ሴት በርበሬዋን በዓይኗ እያየች ካላስፈጨች አትተኛም። እኔም ራሴ እንደዚያ ነኝ። ስለዚህ የሚሸጠው ዱቄቱ ሳይሆን ልፋቱ ነው ብዬ አሰብሁ። በደንብ የደረቀ፣ የተለቀመ፣ የተቀነጠሰ ዛላ በ5 ኪሎ ከረጢት አድርጌ፣ ሥራ ውላ ማታ ለምትገባ ሴት ማቅረብ። እሷ ወፍጮ ቤት ወስዳ በዓይኗ እያየች ታስፈጫለች፤ ቅመሙንም እንደ እናቷ አድርጋ ትጨምራለች።

ይህ ሐሳብ የሚሞተው በውኃ ነው። ጋሼ፣ እርስዎም ያውቁታል። በጣም የደረቀ ዛላ ሲታሸግ ይሰባበራል፣ የተሰበረ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ውኃ ይረጩበታል። ይለሰልሳል፣ አይሰበርም፣ ሚዛንም ያነሳል። ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ሲሰነብት ውስጡ ይሻግታል። ከሻጋታው የሚመጣውን አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ወጥ ውስጥ ቢያፈሉት አይጠፋም። ከውጭ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ዛላ ሲሰነጠቅ ፍሬው ዙሪያ ግራጫ አቧራ ይታያል። የምለየው እንዲህ ነው፦ ዛላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስነቀንቀው ፍሬው እንደ ጸናጽል ከጮኸ ደርቋል። ግንዱ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከታጠፈ፣ ወይም እጄን ጆንያው መካከል አስገብቼ ቀዝቀዝ ካለኝ፣ ውኃ ጠጥቷል። ከላይ ያለውን ማየት ምንም አይጠቅምም፤ ከመካከልና ከሥር ነው የሚታየው።

አምና በጥር ለቤታችን 20 ኪሎ ዛላ ከገበያ ገዝተን ነበር። እርስዎ "ሚዛን የሌለው ነጋዴ ተረት ነው የሚነግረኝ" ስለሚሉ በየደረጃው መዘንኩት። ሦስት ቀን ሸራ ላይ ፀሐይ ሲመታው 17 ኪሎ ከ600 ሆነ። ሁለት ኪሎ ከ400 ግራሙ በበርበሬ ዋጋ የተገዛ ውኃ ነው። የሻገተውንና የነጣውን ስለቅም 1 ኪሎ ከ100 ወጣ። ስቀነጥስ ግንዱ 1 ኪሎ ተኩል መዘነ። 15 ኪሎ ንጹሕ ዛላ ቀረኝ፤ ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ 14 ኪሎ ከ700 ነው። እንግዲህ ገበያ ላይ አንድ ኪሎ በ100 ብር ብንገዛ ንጹሑ ዛላ ያለ ጉልበታችን 133 ብር ፈጅቷል ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚሸጥ ሰው ወይ ውኃ እየሸጠ ነው ወይ ግንድ።

ለዚህ መድኃኒቱ ከገበያ አለመግዛት ነው። አባባና ሁለት ጎረቤቶቹ በርበሬውን ሲለቅሙ እኛ እዚያው ብንደርስ፣ መሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ በቀርከሃ አልጋ ላይ ብናሰጣውና ማታ ማታ ከጤዛ ብንሸፍነው፣ ውኃ የሚረጭ ሰው መካከል ላይ አይኖርም። እርጥብ ቀይ ዛላ ግን ሲደርቅ አራት ኪሎው ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ገበሬው በእርጥቡ ከሚሸጥልኝ ይልቅ ደርቆ ተመዝኖ ብገዛው ሁለታችንም አንጣላም። ሙከራው ትንሽ ነው፦ 40 ኪሎ ደረቅ ዛላ፣ ስምንት ባለ 5 ኪሎ ከረጢት ባይሞላም ስድስት አያጣም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የለቀማ ጊዜ ሦስት ሳምንት በቂ ነው። ከስድስቱ ከረጢት አራቱ ለማያውቁኝ ሴቶች ከተሸጡና ሁለቱ ተመልሰው ከጠየቁ ሥራው አለ ማለት ነው። ዘመዶቼ ቢገዙኝ አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ረጅሙ እሱ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

በቆሎ በጥር ይረክሳል፣ በሐምሌ ይወደዳል። ይህ ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ገበሬው በጥር የሚሸጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ነቀዝ አለ። ጎተራ ያስቀመጠው በቆሎ ሰኔ ላይ ዱቄት ሆኖ ከሚጠብቀው በጥር ቢሸጠው ይሻለዋል። ነቀዙን የሚከለክለው ከተገኘ ግን መቆየት ይቻላል።

አሁን ሰው የሚጠቀመው ክኒን ነው፤ ፎስቶክሲን የሚሉት። ጆንያው ውስጥ ይጥሉታል፤ ጋዝ ሆኖ ነቀዙን ይገድላል። ነቀዝን የሚገድለው ጋዝ ግን ሰውንም ይገድላል። እኛ አገር ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እህሉም ልጁም እዚያው ያድራል። አንዳንዱ ቤት ጆንያው ላይ አንሶላ አንጥፈው ልጅ ሲያስተኙበት አይቻለሁ። በዚህ ምክንያት ነው ሌላ መንገድ የፈለግሁት።

ሌላው መንገድ አየር የማያስገባ ከረጢት ነው፤ ፒክስ ይሉታል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ነው፤ በኋላ ለበቆሎም ዋለ። ውጭው ተራ ማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አንዱ በአንዱ ውስጥ አለ። መድኃኒት የለውም። ሲታሰር ውስጥ የቀረውን አየር ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ መብላት ያቆማል፣ ቀስ ብሎም ይሞታል። የሚገርመው የሚሞተው በመታፈን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ነቀዝ ውኃ አይጠጣም፣ የሚያስፈልገውን ውኃ ሰውነቱ ከምግቡና ከአየሩ ነው የሚሠራው። አየሩ ሲጠፋ በጥም ይደርቃል።

ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸው ግን እርጥብ በቆሎ ሲገባበት ነው። ተራ ጆንያ ቢያንስ ይተነፍሳል፤ ይህኛው አይተነፍስም። እርጥብ ከገባ እንደ ጉሽ ኮምጥጦ ይጠብቅዎታል። በቆሎው የእርጥበት መጠኑ 13 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለንም፤ በጨው ግን ይታወቃል። ደረቅ ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል፣ ተከድኖ ይናጥና ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። እዚህ ላይ ግን ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጨው አልተጣበቀም ማለት ከ15 በታች ወረደ ማለት ነው እንጂ 13 ደረሰ ማለት አይደለም። ስለዚህ ጨው ካልያዘ በኋላም ሁለት ደህና የፀሐይ ቀን ልጨምርለት አስቤያለሁ። ጨዉም ራሱ ምጣድ ላይ መድረቅ አለበት፤ የረጠበ ጨው በደረቅ በቆሎም ላይ ይዋሻል።

ሌላው ቀዳዳ ነው። ላስቲኩን ከመሙላቴ በፊት አፉን ይዤ በአየር ነፍቼ ጉንጬ ላይ አስጠግቼ አያለሁ፤ ከተነፈሰ አይሆንም። የቆረቆንዳ ስባሪና ጠጠር ላስቲክ ስለሚበሱ በቆሎው ይነፋል፣ ይለቀማል። ሲሞላ እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት፣ አፉን ጠምዝዞ አጥፎ በገመድ ማሰር፣ ከዚያ ሁለተኛውን ላስቲክ እንደዚያው፣ ከዚያ ውጭኛውን። ከግድግዳ ራቅ አድርጎ እንጨት ላይ ማስቀመጥ። አይጥ ከበላው ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ደግሞ በየሳምንቱ "እስቲ እንየው" እያሉ መክፈት የለም፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል።

ሂሳቡን እንዲህ ሠራሁት። ለስሌት እንዲቀለን የጥሩን ዋጋ በኩንታል 3,000 ብር እንበል። ሲደርቅና ሲለቀም ስለሚቀንስ 100 ኪሎ ለማስቀመጥ 103 ኪሎ እገዛለሁ፤ ይህ 90 ብር ይጨምራል። ከረጢቱን 240 ብር ገዝቼ ሦስት ዓመት ቢያገለግለኝ የዓመቱ ድርሻ 80 ነው። ለማድረቂያ፣ ለማበጠሪያና ለሸክም 120። ከዚያ "የራስሽ ብርም ወለድ ይበላል" ስላሉኝ፣ ስድስት ወር ለሚታሰረው ብር 9 በመቶ ብዬ 270 ያዝሁ። ሲደመር 560 ብር። ስለዚህ በሐምሌ አንድ ኩንታል 3,560 ካልተሸጠ ምንም አላተረፍሁም፤ ዋጋው ወደ 19 በመቶ መውጣት ያለበት እኔን ለማትረፍ ሳይሆን ላለመክሰር ነው። ይኸው በቆሎ በተራ ጆንያ ቢቀመጥና ነቀዝ 10 ኪሎ ቢበላው፣ የከረጢቱን 80 ቀንሼ እንኳ፣ ላለመክሰር በኩንታል 3,867 መሸጥ አለበት። የተበሳሳ በቆሎ ደግሞ ገዥው ራሱ ዋጋ ይጥልበታል።

ጋሼ፣ በዚህ ስሌት ተደስቼ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብዙ ጊዜ ያወሩኝ የ1994 ዓ.ም. ነገር። በ1993 እና በ1994 በቆሎው ተከታትሎ ደህና ያዘ፤ ዋጋው ወደቀ። ወድቆም አልተነሳም፤ ሰው ለመሰብሰቢያው የሚያወጣው ጉልበት ከበቆሎው ዋጋ በለጠበት፣ ማሳ ላይ የተወውም ነበረ። የማዳበሪያ ዕዳውን በበቆሎ ሊከፍል ያሰበው ገበሬ ምን እንደሆነ ያየሁት በእርስዎ አፍ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ብዙው ማዳበሪያ ቀነሰ። ዝናቡም አጠረ፤ በ1995 ደግሞ ያው በቆሎ ተፈልጎ ታጣ። እንግዲህ በዚያ ዓመት በጥር ገዝቶ ለሐምሌ ያስቀመጠ ሰው ከረጢቱ ፈጽሞ ባይበሳም፣ አንድም ነቀዝ ባይገባበትም ከስሯል። ከረጢቱ ነቀዝን እንጂ ገበያን አያስርም።

የቀኑም ነገር አለ። በቆሎው ከጥር እስከ ሐምሌ ታስሮ ይቀመጣል፤ የእቁቡ ክፍያ ደግሞ እስከ መጋቢት በየወሩ ይመጣል። ብሩ በከረጢት ውስጥ ሆኖ ዳኛው በር ላይ ቆሞ "አምጪ" ሲል ምን እላለሁ? የካቲት ላይ ከረጢቱን ፈትቼ በጥር ዋጋ መሸጥ ነው የሚቀረኝ። ወጪው ሁሉ ወጥቶ፣ ትርፉ ሳይመጣ።

ስለዚህ ሦስተኛውን ሐሳብ ገለበጥሁት። በቆሎ ገዝቼ ዋጋ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ለራሳቸው ቀለብ በቆሎ ለሚያስቀምጡ ሰዎች የማስቀመጡን ሥራ ብሠራስ? ከረጢቱን ከፍኖተ ሰላም አመጣለሁ፣ በጨው እመረምራለሁ፣ አብሬ አስራለሁ፣ በኩንታል የድካሜን እቀበላለሁ። ዋጋ ወጣም ወረደም ገበሬው ቀለቡን ማስቀመጡ አይቀርም። ሐምሌ ላይ ከነቀዝ የተረፈው በቆሎ የእሱ ነው፣ የዋጋውም ዕድል የእሱ ነው። እኔ ዘንድ የሚታሰረው ብር የከረጢቶቹ ብቻ ነው፤ 20 ከረጢት በ240 ብር 4,800። ይህንን ደግሞ ወዲያው ከገዢው እቀበለዋለሁ። ትርፉ ትንሽ ነው። ኪሳራውም ትንሽ ነው።

ችግሩ አንድ ነው፤ እምነት። ገበሬው "እስከ ሐምሌ አትክፈተው" ሲባል ለምን ይስማኛል? ለዚህ ማሳያ ያስፈልጋል። አባባ ለቀለብ ከሚያስቀምጠው ስምንት ኩንታል ውስጥ ሁለቱን በፒክስ፣ ሁለቱን እንደ ልማዱ በተራ ጆንያ ያለ ክኒን እንዲያስቀምጥልኝ ለምኜዋለሁ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ክምር፣ በሚዛን። ግንቦት ላይ ጎረቤት ተጠርቶ አንድ አንድ ይፈታል፤ ከየጆንያው መካከል መቶ መቶ ፍሬ ተቆጥሮ ስንቱ እንደተበሳ ይታያል፤ ይመዘናል። የቀሩት ሐምሌ ላይ። ይህ ከ25,000 ውስጥ የሚወስደው የሁለት ከረጢት ዋጋ ነው። ባለቤቴ "ይህ ንግድ ነው ወይስ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ራሱ ግን ፍሬውን ከተማሪዎቹ ጋር ሊቆጥር ተስማምቷል።

ስለዚህ ወደ እርስዎ የመጣሁበት ጥያቄ ይኸው ነው። በርበሬው በሦስት ሳምንት መልስ ይሰጠኛል፣ ብሩም ከጥር በፊት ተመልሶ ኪሴ ይገባል፤ ግን ውኃ የረጨ ነጋዴ ከእኔ አርክሶ ሲሸጥ ገዢዋ ልዩነቱን በዓይኗ ታያለች ወይ የሚለውን አላውቅም። የከረጢቱ ሥራ ማንንም አያከስርም፣ ልጆቹንም ከክኒኑ ያርቃል፤ መልሱ ግን እስከ ሐምሌ አይመጣም፣ ከመጣም በኋላ በኩንታል የሚከፈለኝ ድካም ቤት ኪራይ ይችል እንደሆነ እጠራጠራለሁ። እኔ ያሰብሁት በርበሬውን ዘንድሮ በ40 ኪሎ መሞከር፣ የአባባን አራት ጆንያ ደግሞ ጎን ለጎን ማሰር ነው። እርስዎ ግን "ሁለት የጀመረ አንዱንም አይጨርስ" ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ። አንዱን ብቻ ያዢ ካሉኝ የትኛውን?

ሁለት ነገር ደግሞ ከልምድዎ ይንገሩኝ። አንደኛ፣ ብድር ከሰጧቸው የበርበሬ ነጋዴዎች ውስጥ ሳይረጭ ሸጦ የዘለቀ ሰው ያውቃሉ? ካወቁ ለማን ነበር የሚሸጠው? ሁለተኛ፣ ገበሬው ለአገልግሎት ብር ከመክፈል ይልቅ በቆሎ ቢሰጠኝ ይመርጣል ይባላል፤ በዓይነት ብቀበል ተመልሼ የዋጋው ጣጣ ውስጥ እገባለሁ ወይስ ወዲያው እየሸጥሁ ልወጣው እችላለሁ?

በርበሬው መለቀም የሚጀምረው በኅዳር ነው፤ የቀርከሃ አልጋው ከዚያ በፊት መሠራት አለበት። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢደውሉልኝ ወይም ልጅዎ ቢጽፍልኝ ይበቃኛል። ባለቤቴም ልጆቹም ሰላም ብለውዎታል። አባባ በተለይ፣ የ1994ቱን ዕዳ ስላራዘሙለት ዛሬም እያነሳ ያመሰግንዎታል።